«ጭንቀት»ን በቀን መቁጠር፦ ከደብረ ማርቆስ የተጻፈ የጥናት ማስታወሻ

ጥቅምት 6

የጥናቴ ጥያቄ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ከገጠር መጥተው ደብረ ማርቆስ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው ከሚማሩት ይልቅ ጭንቀት ይበዛባቸዋል ወይ? በማስተምርበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ከስናን፣ ከአነደድና ከጎዛምን የገጠር ቀበሌዎች ይመጣሉ፤ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤታቸው ወጥተው እሑድ ማታ በሶና ድርቆሽ ቋጥረው ይመለሳሉ። የምክር አገልግሎት ቢሮዬን ደጅ የሚያንኳኩት አብዛኞቹ እነርሱ ስለሆኑ መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ለአማካሪዬ ያቀረብሁት ትርጓሜ «ጭንቀት ማለት ተማሪው በትምህርቱና በኑሮው ምክንያት የሚሰማው የመጨነቅ ስሜት ነው» የሚል ነበር። አማካሪዬ አንብበው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ይህን ዐረፍተ ነገር ለማታውቀው ሰው ብትሰጠው፣ ነገ ጧት ክፍል ገብቶ ምን ያደርጋል?» የምመልሰው አጣሁ። ጭንቀትን በመጨነቅ ፈትቼ ነበርና ሰውየው ማንን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ መልሱን በምን ቁጥር እንደሚጽፍ፣ ስንት ሲሆን «ብዙ» እንደሚል ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ምንም አያገኝም።

የፈለጉት ተግባራዊ ትርጓሜ የሚባለውን ነው። ሐሳቡ የመጣው ከፊዚክስ ነው፤ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ፐርሲ ብሪጅማን በ1927 እ.ኤ.አ. የአንድ ጽንሰ ሐሳብ ትርጉም ለመለካት ከምንፈጽማቸው ተግባራት የተለየ አይደለም ሲል ጻፈ። ርዝመትን በማስመሪያ ሲለኩትና የሩቅ ኮከብን ርቀት በብርሃን ሲያሰሉት ቃሉ አንድ ቢሆንም ሥራው ሁለት ነው፤ ሥራው ሁለት ከሆነ ደግሞ ጽንሰ ሐሳቡም ሁለት ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል ማለቱ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያሰመርሁበት ወደ ፊት እንደሚያስፈልገኝ ስለገመትሁ ነው።

ጥቅምት 9

ከመለካት በፊት «ጭንቀት» ከምለው ነገር ውስጥ የትኛውን ክፍል እንደምፈልግ መወሰን ነበረብኝ። በዘርፉ የቆዩት ሦስት መንገዶች በደንብ ይለያያሉ። ሃንስ ሴሊዬ በ1936 እ.ኤ.አ. የጀመረው መንገድ የሰውነትን ምላሽ የሚመለከት ነው፤ ሰውነት በተለያዩ ችግሮች ሲመታ አንድ ዓይነት ምላሽ ያሳያል የሚል ነው። ሆልምስና ሬይ በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሚዛን ደግሞ በሰው ላይ የደረሱትን ነገሮች ይቆጥራል፤ 43 የሕይወት ለውጦችን ዘርዝሮ ለትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነጥብ ሰጥቶ ሌሎቹን በእርሱ ልክ ዝቅ እያደረገ ይመዝናል። ሦስተኛው የላዛረስና የፎልክማን ነው፤ ጭንቀት ያለው በደረሰው ነገር ውስጥ ወይም በሰውነት ውስጥ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው የሚጠበቅበት ነገር ከአቅሙ በላይ ሆኖ ሲታየው ነው ይላል።

ለጥያቄዬ የሚስማማው ሦስተኛው ነው። የደረሱበትን ነገሮች ብቆጥር ቤት መከራየት፣ ከቤተሰብ መለየትና ምግብ ራስ ማብሰል ዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ተከራዮቹ ገና ሳይጠየቁ ብዙ ነጥብ ይኖራቸዋል። ይህን ዛሬ በሚገባ ያየሁት መስሎኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ስሕተት በሌላ በር እንደሚገባብኝ ግን አልታየኝም።

ጥቅምት 13

መጠይቅ ከመጻፌ በፊት ስምንት ተማሪዎችን፣ አራቱን ከተከራዮች አራቱን ከቤተሰብ ጋር ከሚኖሩት፣ ለየብቻ አነጋገርሁ። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ስለሆነ ከወላጅ ፈቃድ ጋር የተማሪውንም ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ከባድ ነገር የሚነግረኝ ተማሪ ከመጣም ለጥናቱ ስል በዝምታ እንዳላልፈው ከጤና ጣቢያው ባለሙያ ጋር ተነጋግሬያለሁ።

ከሁሉ የረዳችኝ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ባለፈው ሳምንት ጭንቀት ነበረብሽ?» አልኋት። «ኧረ ተመስገን መምህር፣ ጭንቀትስ የለብኝም» አለችኝ። ወዲያው ግን ቀጥላ «ሐሳብ ነው እንጂ። ሐሳብ ይዞኝ ደብተሩን ገልጬ ቁጭ እላለሁ፣ አንድም ቃል አይገባኝም» አለች። ወረቀቴ ላይ «ጭንቀት፦ የለም» ብዬ ጽፌ ነበር። እርሷ ግን የፈለግሁትን ነገር አንድ በአንድ እየነገረችኝ ነው።

ሁለት ነገር እዚህ አለ። አንደኛ፣ «ጭንቀት» ለነዚህ ልጆች ከባድ ቃል ነው፤ ሕመም ወይም መከራ የደረሰበት ሰው የሚለው እንጂ የፈተና ሰሞን የሚሉት አይደለም። ሁለተኛ፣ እንዴት ነህ ለሚል ጥያቄ «ተመስገን» ማለት በእኛ ዘንድ የአምልኮና የጨዋነት ወግ ነው። ስለ ሁኔታ መግለጫ አይደለምና እንደ መረጃ ልቆጥረው አይገባም። ስለዚህ በመጠይቁ ውስጥ «ጭንቀት» የሚለው ቃል አንድም ቦታ እንዳይገባ ወሰንሁ። የምለካው ነገር ስም ከመለኪያው ውስጥ መጥፋቱ መጀመሪያ ግር አሰኝቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ስሙ የእኔ ነው፣ ልጆቹ የሚያውቁት ደግሞ የደረሰባቸውን ነው።

ከስምንቱ ቃል የለቀምኋቸው አነጋገሮች እነዚህ ናቸው፦ «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ»፣ «ሐሳብ እየተመላለሰ ልቤን ወሰደው»፣ «በትንሽ በትልቁ ተቆጣሁ»፣ «ነገሩ ከእጄ ወጣ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «እህል አልወርድልህ አለኝ»። በተቃራኒውም «ያን ቀን ልቤ ረግቶ ዋለ» ያለ ነበር።

ጥቅምት 20

መልስ መስጫውን በመጻፍ አንድ ሙሉ ቀን አለፈ፤ አላሳዘነኝም። መጀመሪያ የተለመደውን አምስት ደረጃ ነበር ያደረግሁት፦ በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ። ቃላቱን በትንንሽ ወረቀት ጽፌ በአምስት ተማሪዎች ፊት ደባልቄ ዘረጋሁና ከጥቂት ወደ ብዙ እንዲደረድሯቸው ጠየቅሁ። ዳሩን ሁሉም በአንድ ዓይነት ደረደሩት። መካከሉ ላይ ግን ሁለቱ «አንዳንድ ጊዜ»ን ከ«አልፎ አልፎ» በታች አስቀመጡ፤ አንዱ ደግሞ «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብሎ ሁለቱን ወረቀት አንዱን ባንዱ ላይ ደረበ። ለአንዱ ቃል 1፣ ለሌላው 2 ብዬ ብሰጥ ቁጥሩ የሚለየው የልጆቹን ሁኔታ ሳይሆን የቃል ልማዳቸውን ነው።

ስለዚህ ቃሉን ትቼ ቀን ማስቆጠር መረጥሁ። «ካለፈው ሰኞ እስከ ትናንት እሑድ ካሉት ሰባት ቀናት ውስጥ በስንቱ ቀን እንዲህ ሆነብህ?» የሚለው ጥያቄ ከ0 እስከ 7 ይመለሳል፤ የአንዱ 3 ከሌላው 3 ጋር ቢያንስ በዓይነቱ አንድ ነው። አንድ ወር ብጠይቅ ሰፊ ነበር፤ ግን ልጆቹ ወሩን አያስታውሱትም፣ ሳምንቱን ግን ስንቅ ይዘው በመጡበት እሑድ እየጀመሩ በጣት ይቆጥሩታል። መጠይቁም ሁልጊዜ ሰኞ ጧት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዲሞላ ወሰንሁ። ሰኞ የሞላና ዓርብ የሞላ ተማሪ የሚያስቡት ስለ ተለያየ ሰባት ቀን ነው፣ ስንቁም ዓርብ ላይ አልቋል።

ጥቅምት 27

ዛሬ ሰባት ጥያቄ ያለውን መጠይቅ በሃያ ተማሪዎች ሞከርሁ፤ አሥሩ ተከራይ፣ አሥሩ ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩ ናቸው። አሥሩን እኔ፣ አሥሩን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጥያቄውን ጮክ ብለን እያነበብን አስሞላን። ባልደረባዬ ቅን ሰው ነው፤ አንድ ተማሪ «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ»ን አልገባኝም ቢለው «ጭንቀት ማለት ነው እኮ» ብሎ አስረዳው፣ ከዚያ በኋላም ለሁሉም እንደዚያ እያለ አነበበ። የእርሱ አሥር ተማሪዎች ለዚያ ጥያቄ የሰጡት ቁጥር ከእኔዎቹ ባመዛኙ ዝቅ ያለ ነው፤ ሦስቱ 0 ብለዋል። በጥቅምት 13 ያየሁት «ተመስገን» ተመልሶ መጣ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ትርጓሜዬ ጥያቄውን እንጂ አጠያየቁን አልያዘም ነበር። ዛሬ ማታ ይህን ጨመርሁበት፦ «አንባቢው ጥያቄውን እንደ ተጻፈ ያነብባል፤ ያልገባው ተማሪ ካለ ያንኑ ቃል ደግሞ ያነብብለታል፤ በራሱ ቃል አያስረዳም፤ አሁንም ካልገባው ባዶ እንዲተወው ይነግረዋል።» ነገ ባልደረባዬ የያዛቸውን አሥሩን በዚህ ደንብ ስለ ያው ሳምንት እንደገና እንጠይቃለን።

ጥቅምት 29

ሃያው ተሟልቷል። ነጥቡ የሰባቱ መልስ አማካይ ነው፤ «ልቤ ረግቶ ዋለ» የሚለው ብቻ ተገልብጦ ይገባል፤ አራት ቀን ረግቶ የዋለ ከሰባት ሲቀነስ 3 ይሆናል ማለት ነው። የተከራዮቹ አማካይ 2.9፣ የሌሎቹ 2.0 ወጣ። ደስ አለኝ፤ ልክ እንደ ጠበቅሁት ነበርና። ደስታዬ ራሱ እንድጠራጠር ሊያደርገኝ ይገባ ነበር።

ያጠራጠረኝ ግን ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ማየቴ ነው። አንዱ የተከራይ፣ አንዱ ከእናቱ ጋር የሚኖር ልጅ ነው። ተከራዩ ከአቅም በላይ ለሚለው 3፣ ለሐሳብ መመላለስ 2፣ ለቁጣ 1፣ ነገር ከእጅ ለመውጣት 2፣ ለረጋ ቀን ተገልብጦ 3 ሰጥቷል፤ ድምሩ 11 ነው። ሁለተኛው በዚያው ቅደም ተከተል 3፣ 2፣ 2፣ 2፣ 2 ብሏል፤ ድምሩ እንዲሁ 11 ነው። የሚለያዩት በቀሩት ሁለት ጥያቄዎች ነው። ተከራዩ እንቅልፍ ላጣበት 6፣ ምግብ በወጉ ላልበላበት 4 ጻፈ፤ ሌላው 2 እና 0። በሰባቱ ሲሰላ የመጀመሪያው 3.0፣ የሁለተኛው 1.9 ገደማ ነው። በአምስቱ ሲሰላ ሁለቱም 2.2 ናቸው።

ተከራዩን ልጅ አስጠርቼ ስለ ስድስቱ ሌሊት ጠየቅሁት። «ቁንጫ ነው መምህር» አለኝ፤ «ቤቱ የአፈር ነው፣ ደግሞ አራት ሆነን ነው የምንተኛው፤ አንዱ ሲያጠና መብራት አይጠፋም።» ስለ ምግቡም «ረቡዕ ስንቁ ያልቃል» አለኝ። በሐሳብ እንቅልፍ ያጣው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጥቅምት 9 ያመለጥሁት መስሎኝ የነበረው ስሕተት ቤቴ ገብቶ ያገኘሁት። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብዬ ስጽፍ የጭንቀትን ምልክት የጻፍሁ መስሎኝ ነበር፤ ከተከራዮቹ ዘንድ ግን ጥያቄው የሚለካው ክፍሉን፣ ቁንጫውንና የስንቁን ብዛት ነው። ቤት መከራየት ጭንቀት ያመጣል ወይ ብዬ እየጠየቅሁ የቤት መከራየትን ራሱን በጭንቀት ሚዛን ላይ አስቀምጬዋለሁ። እንዲህ ያለ መጠይቅ በአንድ ሺህ ተማሪ ቢሞላ ስሕተቱ አይታረምም፤ ይልቁንም ይበልጥ እውነት ይመስላል። ምልክቱ የሚታወቀው በሌሎቹ ጥያቄዎች እኩል ነጥብ ያላቸውን የሁለቱን ወገን ልጆች አጋጥሞ አንዱ ጥያቄ ብቻ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል በማየት ነው።

ሁለቱን ጥያቄዎች አውጥቼ ሃያውን እንደገና አሰላሁ፤ ተከራዮች 2.3፣ ሌሎች 2.1። ያ ሰፊ የመሰለኝ ልዩነት አብዛኛው የቁንጫና የበሶ ነበር። በእርግጥ ሃያ ልጅ ስለ ጥያቄዬ ምንም አይወስንም፤ የሚወስነው ስለ መለኪያዬ ነው።

ኅዳር 1

አማካሪዬ በመቁረጤ አልተስማሙም። «የተጨነቀ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ እንቅልፍን ካወጣህ ከጭንቀት ላይ እውነተኛ አካል ቆርጠህ መጣልህ አይደለም?» አሉኝ። ተገቢ ሙግት ነው፤ ማታውን ሳስበው አደርሁ። አንድ አማራጭ ጥያቄውን «እያሰብህ እንቅልፍ ያጣህበት ሌሊት» ብሎ ማጥበብ ነው። ግን ይህ ተማሪው ነቅቶ ያደረበትን ምክንያት በትክክል ያውቃል ብሎ ማመን ነው፤ በቁንጫ የነቃ ልጅ ደግሞ ነቅቶ ሳለ ማሰቡ አይቀርም።

በመጨረሻ እንቅልፍና ምግብ ከጭንቀት ነጥብ ውጪ ለየራሳቸው እንዲመዘገቡ ተስማማን። ወደ ፊት እንቅልፍ ማጣት በተከራዮችና በጭንቀት መካከል ያለ ድልድይ መሆኑን ልመረምር እችላለሁ፤ ያን ለማድረግ ግን ሁለቱ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተደባልቀው መገኘት የለባቸውም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ የምግቡ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ትርጉም እንደሚይዝ ስላስታወስሁ «ከጾም ውጪ በሆነ ምክንያት» የሚል ጨመርሁበት።

ኅዳር 4

ከመጠይቁ ጎን የልብ ምትን ልጨምር አስቤ ሞከርሁ። በጠዋት ምራቅ ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለውን ኮርቲሶል መለካትም ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ሆርሞን ከእንቅልፍ ከተነሡ በኋላ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ከፍ ብሎ ቀኑን ሙሉ እየወረደ ስለሚሄድ ልጁ የነቃበትን ደቂቃ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ናሙናውንም የምመረምርበት ቦታ የለኝም። ለምት ግን የሚያስፈልገው ሰዓትና ጣት ነው።

መጀመሪያ ለ15 ሴኮንድ ቆጥሬ በአራት አባዛሁ። በዚህ አሠራር አንድ ምት መሳት አራት ምት መሳት ነው፤ እኔና ባልደረባዬ በአንድ ልጅ ላይ ሳይቀር በ8 ተለያየን። ሙሉ ደቂቃ ስንቆጥር ልዩነታችን ወደ አንድና ሁለት ወረደ። ይሁን እንጂ ሌላው ችግር አልወረደም፤ ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ በእግሩ የመጣ ልጅ አምስት ደቂቃ ካረፈ በኋላም ምቱ በባጃጅ ከመጣው ከፍ ያለ ነበር። የምት ነጥብና የመጠይቅ ነጥብም አልተገናኙም፤ አንዱ ያለችውን ደቂቃ፣ ሌላው ያለፈውን ሳምንት ነው የሚናገረው። ብሪጅማን እንዳለው ሥራው ሁለት ነውና ሁለቱንም «ጭንቀት» ብዬ አንድ ላይ ልደምራቸው አልችልም። የልብ ምትን ከጥናቱ አወጣሁት።

ኅዳር 11

ትርጓሜው ዛሬ እንዲህ ተጽፏል፦

«በዚህ ጥናት የተማሪ ጭንቀት ማለት፣ ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በተጻፈው ደንብ መሠረት ለተነበቡለት አምስት ጥያቄዎች ተማሪው ስላለፉት ሰባት ቀናት የሰጣቸው የቀናት ብዛት አማካይ ነው። አምስተኛው ጥያቄ ከ7 ተቀንሶ ይገባል። ከአራት ያነሰ ጥያቄ የመለሰ ተማሪ ነጥብ አይኖረውም። ነጥቡ ከ0 እስከ 7 ነው፤ ከፍ ሲል ጭንቀቱ ከፍ ማለቱ ነው።»

በኤክሴል ላይ የአምስተኛውን ጥያቄ መልስ በ`F`፣ የተገለበጠውን በ`G` አድርጌ በሁለት መስመር ጽፌዋለሁ፦

```
G2: =IF(F2="","",7-F2)
H2: =IF(COUNT(B2:E2,G2)>=4,AVERAGE(B2:E2,G2),"")
```

የመጀመሪያው መስመር ለባዶ መልስ ባዶ እንዲሰጥ ያደረግሁት፣ ኤክሴል ባዶውን እንደ 0 ቆጥሮ 7 ስለሰጠኝ ነው። አንድ ያልመለሰች ልጅ በዚህ ምክንያት ከክፍሉ ሁሉ የተጨነቀች ሆና ወጥታ ነበር።

አስተማማኝነቱን ለማየት ሰኞ የሞሉትን ሃያዎቹን ማክሰኞ ስለ ያው ሳምንት ደግሜ እጠይቃለሁ። በሳምንቱ ልዩነት ብደግመው ጭንቀቱ ራሱ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ቁጥሩ ቢለያይ መለኪያው ይሁን ልጁ የተለወጠው አላውቅም ነበር።

ኅዳር 19

የማክሰኞው ድጋሚ ጥሩ ነው፤ በአብዛኛው መልስ ልዩነቱ ከአንድ ቀን አላለፈም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ፈተና ስለነበረው መለኪያው ማንቀሳቀስ የሚገባውን ያንቀሳቅስ እንደሆነ ለማየት አመቸኝ። የፈተናው ሳምንት ነጥብ ከሃያው በአሥራ አምስቱ ላይ ካለፈው ከፍ ብሏል፤ ከሁለቱም ወገን። ያልተንቀሳቀሰው የቁጣ ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለት ሴት ተማሪዎችን ጠየቅሁ፤ «ሲከብደን ዝም እንላለን እንጂ አንቆጣም» አሉኝ። ጥያቄው ከልጆቹ ጭንቀት ይልቅ የወንዶቹን ጠባይ የሚለካ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከቁንጫው ጋር የሚመሳሰል አድልዎ ነው።

ለማውጣት አልቸኮልሁም፤ ሃያ ልጅ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ሰኞ በስድሳ ተማሪ ላይ «ሰው ባላናግር ብዬ ዝም ያልሁበት ቀን» የሚል ስድስተኛ ጥያቄ ጨምሬ የወንዶቹንና የሴቶቹን መልስ ለየብቻ አያለሁ። እስከዚያ ትርጓሜው ላይ «አምስት» የሚለውን ቁጥር በእርሳስ ጽፌዋለሁ።